የ4.31 ልዩነት ማጠጋጋት አይደለም፦ በፎቶ የመጣን ኢንቮይስ መፈተሽ

ጥያቄ፦ «አቅራቢያችን የላከልኝ ኢንቮይስ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። በተረከብነው ዕቃና በተስማማንበት ዋጋ ስደምረው 31,419.21 ይመጣል። ኢንቮይሱ ግን 31,414.90 ይላል። ልዩነቱ 4.31 ብቻ ነው፤ ያውም ለእኛ የሚጠቅም። ማጠጋጋት ነው ብዬ ልለፈው? ካልሆነስ ስህተቱን የት ልፈልግ? ለአቅራቢውስ እንዴት ዘርዝሬ ልላክለት? ፎቶውን፣ የግዢ ትዕዛዙንና የርክክብ ሰነዱን አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦

አይለፉት። ኢንቮይሱ ላይ አራት ስህተቶች አሉ። አንዱ ሌላውን እያካካሰ ነው ልዩነቱ ወደ 4.31 የወረደው።

ማጠጋጋት አለመሆኑን ገና ፍተሻውን ሳይጀምሩ ማወቅ ይቻላል። አንድ ቁጥር ከነጥብ በኋላ ወደ ሁለት አኃዝ ሲጠጋጋ ቢበዛ በ0.005 ነው የሚዛባው። እርስዎ ጋ ያለው ኢንቮይስ ሰባት ተራ አለው። ታክሱ በየተራው ተሰልቶ በየተራው ተጠጋግቶ ቢሆን፣ ሰባቱም ወደ አንድ ወገን ቢያደሉ እንኳ ልዩነቱ ከ0.035 አያልፍም። 4.31 ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው» የሚለው መለኪያ እዚህ አይሠራም። መጠየቅ ያለበት የማጠጋጋት ጣሪያ ስንት ነው የሚለው ነው። ልዩነቱ ከጣሪያው ካለፈ፣ የሆነ ቦታ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። ምንም ነገር ከማባዛትዎና ከመደመርዎ በፊት ሙሉውን ወደ ስፕሬድሺት ይገልብጡት። ሲገለብጡ የሚያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ መሆን ነበረበት ብለው የሚያስቡትን አይጻፉ። ያልጠራ አኃዝ ካለ የጥያቄ ምልክት ያድርጉበት። በስልክ ፎቶ ላይ 1 እና 7፣ 3 እና 8፣ 5 እና 6 በቀላሉ ይምታታሉ። የወረቀቱ አራቱም ማዕዘን መታየቱን፣ ግርጌው ላይ «ገጽ 1 ከ 2» የሚል ነገር አለመኖሩን ይመልከቱ። የእርስዎ ፎቶ አንድ ገጽ ነው፤ ማዕዘኖቹም ይታያሉ። ተራ 5 ላይ ግን የመታጠፊያው ጥላ ብዛቱን ሸፍኖታል።

ተገልብጦ ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦

| ተራ | ዕቃ | ብዛት | የአንዱ ዋጋ | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| 1 | ወረቀት (ፓኬት) | 24 | 385.00 | 9,240.00 |
| 2 | የፕሪንተር ቀለም | 6 | 1,850.00 | 11,100.00 |
| 3 | የሰነድ ማቀፊያ | 48 | 62.50 | 3,000.00 |
| 4 | ማርከር | 15 | 74.00 | 1,110.00 |
| 5 | ፖስታ (እሽግ) | 1? | 46.50 | 837.00 |
| 6 | ስቴፕለር | 7 | 296.00 | 2,702.00 |
| 7 | የማኅደር ሣጥን | 12 | 140.00 | 1,680.00 |

ከሥሩ፦ ንዑስ ድምር 28,559.00፤ ቅናሽ 5 በመቶ 1,427.95፤ ከቅናሽ በኋላ 27,131.05፤ ታክስ 15 በመቶ 4,283.85፤ ጠቅላላ 31,414.90።

እርስዎ ከመጨረሻው ጀምረው ነው የፈተሹት። በራስዎ ቁጥር እስከ ታች ወርደው ጠቅላላውን ከጠቅላላው ጋር አስተያዩ። ይህ ስህተት መኖሩን ይነግርዎታል፤ የት እንዳለ ግን አይነግርዎትም። የሚሻለው እያንዳንዱን ደረጃ ኢንቮይሱ ላይ በታተመው ቁጥር መፈተሽ ነው። ተራው ላይ ብዛትና ዋጋውን ያባዛሉ፤ ከታተመው ድምር ጋር ያስተያያሉ። ቀጥለው የታተሙትን የተራ ድምሮች እንዳሉ፣ ስህተታቸውን ሳያርሙ ይደምራሉ፤ ከታተመው ንዑስ ድምር ጋር ያስተያያሉ። ቅናሹንም የሚያሰሉት ከታተመው ንዑስ ድምር ነው። እንዲህ ሲሆን የአንዱ ደረጃ ስህተት ወደሚቀጥለው አይሻገርም። እያንዳንዱ ደረጃ ለራሱ ይከሰሳል ወይም ነጻ ይወጣል።

ስፕሬድሺቱ ላይ ብዛቱ C፣ ዋጋው D፣ የታተመው ድምር E ላይ ከሆነ ይህ ይበቃል፦

```
=ROUND(C2*D2,2)-E2
```

ዜሮ ከመጣ ተራው ልክ ነው። በእርስዎ ኢንቮይስ ላይ ተራ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 7 ዜሮ ይሰጣሉ። የቀሩት ሁለቱ ናቸው ሥራ ያለባቸው።

ተራ 5 ላይ ብዛቱ 13 ወይም 18 ይመስላል። 837ን ለ46.50 ሲያካፍሉ 18 ይመጣል። 13 ቢሆን ኖሮ ድምሩ 604.50 ይሆን ነበር። ስለዚህ 18 ነው ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አንድ ተራ የሚፈተሸው ሦስት ቁጥሮች ስላሉት ነው፤ ሁለቱ ሦስተኛውን ይመሰክሩበታል። ብዛቱን ከድምሩ ካወጡት በኋላ ያንኑ ብዛት መልሰው ቢያባዙት መግጠሙ አይቀርም። ያ ፍተሻ አይደለም፤ ራስን በራስ ማስመስከር ነው። ተራ 5 ስሌቱ ልክ ይሁን አይሁን ከፎቶው ብቻ አይታወቅም። ማረጋገጫው ከሌላ ሰነድ መምጣት አለበት። የርክክብ ሰነዱ 18 እሽግ ይላል፤ ስለዚህ ይህን ተራ ዘግተነዋል። ሰነዱ ባይኖር ኖሮ ጥርት ያለ ፎቶ እንዲልኩ መጠየቅ ነበረብዎ። ሲጠይቁ ፎቶውን በፋይል መልክ እንዲልኩት ይንገሯቸው፤ የመልእክት መተግበሪያዎች እንደ ተራ ፎቶ የተላከውን ስለሚጨምቁት ቁጥሮቹ ይደበዝዛሉ።

ተራ 6 ላይ ሁሉም ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል። 7 ጊዜ 296 ግን 2,072 ነው። ኢንቮይሱ 2,702 ይላል። ልዩነቱ 630 ሲሆን ለ9 ሲካፈል ያለ ቀሪ 70 ይሆናል። ልዩነት ለ9 በትክክል ሲካፈል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአኃዞች ቦታ መለዋወጥ ነው። እዚህም 0 እና 7 ቦታ ተቀያይረዋል፤ ሲተይቡ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ቶሎ ብለው ግን «ድምሩ ነው የተሳሳተው» ብለው አይደምድሙ። 2,702ን ለ7 ያካፍሉት፤ 386 ይመጣል፣ ምንም ቀሪ የለውም። ስለዚህ ሌላም ታሪክ ይቻላል፦ የአቅራቢው ትክክለኛ ዋጋ 386 ሆኖ፣ ድምሩ በዚያ ተሰልቶ፣ ዋጋው ብቻ 296 ተብሎ በስህተት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ስሌት ሦስቱ ቁጥሮች እንደማይስማሙ ብቻ ነው የሚነግረን። ከሦስቱ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። እሱን የሚፈርደው የግዢ ትዕዛዙ ነው፤ እዚያ ላይ የተስማማችሁበት ዋጋ 296 ነው፣ የተረከባችሁትም 7 ነው። ስለዚህ የተሳሳተው ድምሩ ነው፤ በ630 በዝቷል።

ወደ ንዑስ ድምሩ እንለፍ። የታተሙትን ሰባት ድምሮች፣ የተሳሳተውን 2,702ንም ጨምሮ፣ ስንደምር 29,669.00 እናገኛለን። ኢንቮይሱ 28,559.00 ይላል። 1,110.00 ጎድሏል። እንዲህ ሲያጋጥም ልዩነቱን ከተራዎቹ ድምር ጋር ያስተያዩ፤ ከአንዱ ጋር እኩል ከሆነ ያ ተራ አልተደመረም ማለት ነው። 1,110 በትክክል ተራ 4 ነው፣ ማርከሩ።

ለምን እንደቀረ ፎቶው ራሱ ጥቆማ ይሰጣል። የተራ 4 ድምር ከሌሎቹ ወደ ግራ ሸሽቶ ይታያል። ስፕሬድሺት ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ነው የሚያስጠጋው። ቁጥሩ አጠገብ ለዓይን የማይታይ ምልክት ገብቶ ከሆነ ፕሮግራሙ እንደ ጽሑፍ ሊወስደው ይችላል፤ `SUM` ደግሞ ከሚደምረው ክልል ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ዘሎት ያልፋል። ለዓይን ቁጥር ነው፤ ለመደመሪያው ግን የለም። ይህ ግምት ነው፤ ለአቅራቢው ሲጽፉም እንደ ግምት ይጻፉት። ግን ቢነገራቸው ጥሩ ነው። ፋይላቸው ካልታረመ በሚቀጥለው ኢንቮይስም ሊደገም ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ይመልከቱ። ትክክለኛው ንዑስ ድምር በታተሙት ብዛቶች 29,039.00 ነው። ከታተመው ጋር ያለው ልዩነት 480 ነው። 480 ከየትኛውም ተራ ጋር አይገጥምም፣ ለ9ም ያለ ቀሪ አይካፈልም። አስቀድመው ተራ 6ን አርመው ከዚያ ደምረው ቢሆን ኖሮ ይህን 480 ይዘው መላ ሲያጡ ይውሉ ነበር። የሁለት ስህተቶች ቅልቅል ነውና፤ 1,110 ሲጎድል 630 ተጨምሯል። በታተመው ቁጥር ደረጃ በደረጃ መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቅናሹ ቀላል ነው። 28,559.00 ሲባዛ በ5 በመቶ 1,427.95 ይሆናል፤ ገጥሟል። ከቅናሽ በኋላ ያለው 27,131.05ም ልክ ነው። መሠረቱ የተሳሳተ ስለሆነ ቅናሹም መለወጡ አይቀርም፤ ግን ይህ የቅናሹ ጥፋት አይደለም። በዝርዝሩ ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ስህተት አይቁጠሩት።

ታክሱ ላይ ግን ችግር አለ። ከቅናሽ በኋላ ካለው 27,131.05 ላይ 15 በመቶ ቢሰላ 4,069.66 ነው። የታተመው 4,283.85 ነው። ታክስ አልገጥም ሲል የታክሱን ቁጥር በመቶኛው ያካፍሉትና በምን ላይ እንደተሰላ ያግኙት። 4,283.85 ሲካፈል ለ0.15 በትክክል 28,559.00 ይሰጣል። ታክሱ የተሰላው ቅናሹ ሳይነሳ ነው። ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ወዲያው መልስ ይሰጣል፤ የሚመጣው ቁጥር ኢንቮይሱ ላይ ካሉት ከአንዱ ጋር ከገጠመ የተሳሳተው መነሻው እንጂ ማባዛቱ አይደለም።

ይህን በእርግጠኝነት ስህተት ከማለትዎ በፊት ቅናሹ ምን ዓይነት እንደሆነ ይዩ። ኢንቮይሱ ላይ ወዲያው የተቀነሰና ምንም ቅድመ ሁኔታ የሌለው ቅናሽ አብዛኛውን ጊዜ ታክሱ የሚሰላበትን ዋጋ ይቀንሳል። «በ10 ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ» ዓይነት ቅናሽ ግን እንደየአገሩ ሕግ ሌላ አያያዝ ሊኖረው ይችላል። የእናንተው በግዢ ትዕዛዙ ላይ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ነው፤ ኢንቮይሱም ራሱ «ከቅናሽ በኋላ» የሚል ተራ አስገብቶ ታክሱን ከሥሩ ነው የጻፈው። ስለዚህ ስህተት ብዬዋለሁ።

የመጨረሻው መደመር፣ 27,131.05 እና 4,283.85፣ 31,414.90 ይሆናል። ልክ ነው።

አራተኛው ስህተት ከስሌት አይገኝም። ተራ 7 ላይ 12 ጊዜ 140 በትክክል 1,680 ነው። የርክክብ ሰነዱ ግን 10 ሣጥን ይላል። ማባዛቱ እንከን የለውም፤ የተባዛው ብዛት ግን አልደረሳችሁም። ብዛትን መፈተሽ ማለት የኢንቮይሱን ብዛት ከተረከባችሁት ጋር በየተራው ማስተያየት ነው። ሲያስተያዩ መለኪያውንም ያንብቡ። ተራ 3 ላይ ለምሳሌ ኢንቮይሱ 48 ይላል፣ የርክክብ ሰነዱ ደግሞ 4 ይላል። የሚያስደነግጥ ይመስላል፤ ግን ሰነዱ ላይ መለኪያው ደርዘን ነው፣ 4 ደርዘን ደግሞ 48 ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ ወደ አቅራቢው ዝርዝርም አይገባም።

አሁን የማከብረው ፍተሻ ይመጣል። እያንዳንዱ ስህተት ጠቅላላውን በስንት እንዳዛባው ማስላት ነው። ንዑስ ድምሩ ውስጥ ያለ ስህተት 5 በመቶ ቅናሽ ይነሳለታል፣ ከዚያ 15 በመቶ ታክስ ይታከልበታል። ስለዚህ በ0.95 እና በ1.15፣ በአንድ ላይ በ1.0925 ይባዛል።

ተራ 6 ላይ የበዛው 630 ጠቅላላውን በ688.28 ከፍ አድርጎታል። ያልተደመረው ተራ 4 በ1,212.68 ዝቅ አድርጎታል። ያልደረሱት ሁለት ሣጥኖች 280 ናቸው፤ በ305.90 ከፍ አድርገውታል። ታክሱ ያለቅናሽ መሰላቱ ደግሞ 214.19 ጨምሯል። ሦስቱን ጭማሪዎች ደምረው 1,212.68ን ሲቀንሱ ከዜሮ በታች 4.31 ይመጣል። ያገኙት ልዩነት ሙሉ በሙሉ ተብራርቷል ማለት ነው። ጥቂት እንኳ ቢተርፍ ኖሮ ያላገኘነው ስህተት አለ ብዬ ወደ ፎቶው እመለስ ነበር። ከዜሮ ጋር መግጠሙ ስህተት ሁሉ ተለቅሟል ብሎ መቶ በመቶ አያረጋግጥም፤ እኩል የሆኑ ሁለት ስህተቶች ሊጣፉ ይችላሉና። እያንዳንዱ ተራ ለብቻው ከተፈተሸ በኋላ ሲገጥም ግን እተማመንበታለሁ።

ልዩነቱ ለእናንተ የሚጠቅም መሆኑም አያታልልዎ። ኢንቮይሱ ላይ ያለው ታክስ 4,283.85 ነው። ትክክለኛው፣ በተረከባችሁት መጠን፣ 4,098.16 ነው። ጠቅላላው በጥቂቱ ብቻ ይለያል፤ ታክሱ ግን በ185.69 በዝቷል። ያንን ቁጥር በታክስ መዝገባችሁ ካስገባችሁ የማይገባችሁን ታክስ ነው የምትጠይቁት። ያልደረሱ ሁለት ሣጥኖችም በመዝገብ ላይ አሉ፣ በመደርደሪያ ላይ የሉም።

ለአቅራቢው ሲጽፉ የስሌቱን ስህተት ከብዛቱ ይለዩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማንም ሰው ኢንቮይሱንና የግዢ ትዕዛዙን ይዞ ማረጋገጥ ይችላል፤ ክርክር የለውም። ሣጥኖቹ ግን የርክክብ ጉዳይ ናቸው፤ እነሱ በእርግጥ 12 ልከው መንገድ ላይ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። በአንድ ላይ ከተቀላቀለ ክርክሩ ያለውን ይዞ ክርክር የሌለውንም ያዘገየዋል። እንዲህ ብለው ቢጽፉ ይበቃል፦

«በላካችሁልን ኢንቮይስ ላይ የሚከተሉትን አግኝተናል።
ተራ 6፦ የታተመው 2,702.00፤ 7 × 296.00 = 2,072.00። በ630.00 በዝቷል።
ንዑስ ድምር፦ የታተመው 28,559.00፤ የተራዎቹ ድምር እንደታተመው 29,669.00። ልዩነቱ 1,110.00 ነው፤ ተራ 4 ያልተደመረ ይመስላል። ቁጥሩ በፋይላችሁ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ገብቶ እንደሆነ ብታዩት።
ታክስ፦ 4,283.85 የተሰላው በ28,559.00 ላይ ነው፤ ከቅናሽ በኋላ ባለው ላይ መሰላት ነበረበት።
እነዚህ ሦስቱ ሲታረሙ፦ ንዑስ ድምር 29,039.00፤ ቅናሽ 1,451.95፤ ከቅናሽ በኋላ 27,587.05፤ ታክስ 4,138.06፤ ጠቅላላ 31,725.11።
በተጨማሪ፣ ተራ 7 ላይ 12 ሣጥን ተጠይቋል፤ በርክክብ ሰነዱ መሠረት የደረሰን 10 ነው። ይህን ከተቀበላችሁ ንዑስ ድምር 28,759.00፣ ቅናሽ 1,437.95፣ ከቅናሽ በኋላ 27,321.05፣ ታክስ 4,098.16፣ ጠቅላላ 31,419.21 ይሆናል።
የታረመ ኢንቮይስ እንድትልኩልን እንጠይቃለን።»

የእነሱን ወረቀት በእስክሪብቶ አያርሙት፤ ዋናውን ፎቶም እንዳለ ያስቀምጡት። ቀሪውን 4.31 ጨምረው በዚህኛው ኢንቮይስ መክፈልም መፍትሔ አይደለም፤ ክፍያውም ታክሱም ከሰነዱ ጋር ሊገጥም አይችልም። የታረመው ሲመጣ ሰባቱንም ተራዎች እንደ አዲስ ይፈትሹ፤ የተነካኩት ብቻ አይበቁም። ተራ 4 ሲስተካከል ከጎኑ ያለው ሊነካካ ይችላል። የቀድሞው ኢንቮይስ መሰረዙን ወይም በክሬዲት ኖት መመለሱን በጽሑፍ ይያዙ፤ አለዚያ ሁለቱም ክፍት ሆነው ከቆዩ በኋላ ሁለት ጊዜ ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ።